ኖታው ሲጠራ የደበዘዘው ድምፅ

በስዊዘርላንድ፣ በቅዱስ ጋለን ገዳም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁጥር 359 የተሰጠው አንድ የብራና መጽሐፍ አለ። ካንታቶሪየም ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ922 እስከ 926 ባለው ጊዜ እንደተጻፈ ይገመታል። የቅዳሴ ዜማ ለብቻው የሚያወጣው መሪ ይጠቀምበት ነበር። በላቲኑ ቃል ራስ ላይ በቀጭን ብዕር የተሠሩ ጭረቶች፣ ነጠብጣቦችና ኩርባዎች ተደርድረዋል። መስመር የላቸውም፤ ድምፁ ምን ያህል እንደሚወጣና እንደሚወርድም አይናገሩም። ዜማውን አስቀድሞ ያላጠና ሰው ከዚህ መጽሐፍ አንድ ሐረግ እንኳ ማውጣት አይችልም።

እነዚህ ምልክቶች ኒውም ይባላሉ። የተስፋፉት በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ንጉሥ ሻርልማኝ በ789 ባወጣው ትእዛዝ በግዛቱ ያሉ ካህናት የሮማን ዜማ እንዲማሩ አዝዞ ነበር። ዜማው ግን ብዙ ነው፤ ትምህርቱም በቃል ነው። ኒውም የመጣው መምህሩን ሊተካ ሳይሆን፣ ከመምህሩ የተቀበሉትን ሊያስታውስ ነው።

ታዲያ ከፍታውን ካልነገሩ ምን ይናገሩ ነበር? አንዱን ምልክት ቀረብ ብለን እንየው። ክሊቪስ የሚባለው ወጥቶ የሚወርድ ቆልመም ያለ ጭረት ነው፤ ሁለት ድምፆች፣ ሁለተኛው ዝቅ ያለ ማለት ነው። ነገር ግን የቅዱስ ጋለን ጸሐፊ ይህን ምልክት ሁልጊዜ በአንድ መልክ አይጽፈውም። አንዳንዴ በላዩ ላይ «ሲ» ፊደልን ያኖራል፤ ፈጠን በል ማለት ነው። አንዳንዴ «ቲ»ን ያኖራል፤ ያዝ አድርገው ማለት ነው። ሌላ ጊዜ በጫፉ ላይ ትንሽ አግድም ጭረት ይጨምርና ድምፁ እንዲረጋ ያደርጋል። በዚያው ገዳም የኖረውና በ912 ያረፈው ኖትከር የእነዚህን ፊደላት ትርጉም በደብዳቤ አብራርቷል። ድምፅ እየተንቀጠቀጠ የሚወጣበትን ቦታ እንደሚያሳይ ብዙዎች የሚገምቱት ኩዊሊስማ የተባለ ምልክት አለ፤ አንደበት ከአንዱ ተነባቢ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ድምፁ የሚሟሟበትን ቦታ የሚያመለክቱም አሉ። ገጹ የትኛው ድምፅ እንደሆነ ባይናገርም፣ ድምፁ እንዴት እንደሚራመድ በጥንቃቄ ይናገራል።

የእኛን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል የሚሰጠው የዜማ ምልክትም የሚያገለግለው ዜማውን በቃሉ ለያዘ ሰው ነው። ርክርክ፣ ድፋት፣ ሂደትና ይዘት የሚነግሩን የድምፁን አካሄድ ነው። የአውሮፓን ጥንታዊ ዜማ የሚያጠኑ ምሁራን ወደ ኢትዮጵያ ምልክት የተመለከቱትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ቃልና ጽሑፍ ተደጋግፈው የሚኖሩበትን ሥርዓት በሕይወት ያገኙት እዚህ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ጣሊያናዊው መነኩሴ ጊዶ ዳሬዞ ኒውሞቹን በመስመሮችና በመስመሮቹ መካከል አስቀመጣቸው። የ«ፋ»ን ቦታ በቀይ፣ የ«ዶ»ን በቢጫ መስመር ለየ። ከዚህ በኋላ ልጆች ሰምተውት የማያውቁትን ዜማ ከገጹ ላይ ማውጣት ቻሉ። ጊዶ ራሱ፣ ቀድሞ አሥር ዓመት ፈጅቶ እንኳ የማይሟላው ትምህርት አሁን በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት እንደሚያልቅ ጽፏል።

ትርፉ እውነተኛ ነው። ኪሳራው ግን በዚያው ቦታ ጀመረ። በመስመር ላይ የሚቀመጥ ምልክት አንድ የታወቀ ቦታ መያዝ አለበት፤ በሁለት ቦታዎች መካከል የሚንሸራተት ድምፅ ቦታ የለውም። ምልክቶቹ ቀስ በቀስ ወደ አራት ማዕዘን ሲቀየሩ የፍጥነትና የመርጋት ፊደላቱ እየቀሩ ሄዱ። ፈጣኑም፣ የሚያዘውም፣ የረጋውም ክሊቪስ ሁለት እኩል ካሬዎች ሆኑ።

ሁለተኛውን ለውጥ ያመጣው የብዙ ድምፆች መዝሙር ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፓሪስ ኖትር ዳም፣ ፔሮታን የገናን ዜማ «ቪዴሩንት ኦምነስ»ን ለአራት ድምፅ አዘጋጀው። አራት ሰዎች የተለያየ ዜማ በአንድነት ሲያወጡ የት እንደሚገናኙ ማወቅ አለባቸው። ስለዚህ ጊዜን መጻፍ ግድ ሆነ። መጀመሪያ የተገኘው መላ ኖታዎቹን በዘለላ መቧደን ነበር። ሦስት ኖታ ያለው ዘለላ ቀድሞ ባለሁለት ዘለላዎች ከተከተሉት፣ ዘማሪው ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር እያለ ይሄዳል። ባለሁለቶቹ ቀድመው ባለሦስቱ መጨረሻ ላይ ከመጣ ደግሞ በአጭር ይጀምራል። የኖታው ርዝመት የሚታወቀው ከጎረቤቶቹ እንጂ ከመልኩ አልነበረም።

ይህ መላ ችግር ገጠመው። ዘለላ የሚጻፈው አንድ የቃል ክፍል በብዙ ድምፅ ሲዜም ነው። ለእያንዳንዱ የቃል ክፍል አንድ ኖታ የሚሰጥ መዝሙር ሲበዛ ዘለላው ይበተናል፤ ርዝመቱን የሚያሳውቅ ነገርም ይጠፋል። የኮሎኙ ፍራንኮ በ1280 አካባቢ መፍትሔውን በመጽሐፍ አጸና፦ ርዝመትን የኖታው መልክ ራሱ ይናገር። ጭራ ያለው ካሬ ረጅም፣ ጭራ የሌለው አጭር፣ በማዕዘኑ የቆመው ደግሞ ከአጭር ያነሰ ሆነ። ሙሉው ረጅም ሦስት አጭር ይይዛል፤ ሦስት የሥላሴ ቁጥር ስለሆነ ፍጹም ይባል ነበር። አንድ አጭር ብቻ ከተከተለው ግን ሁለት ይሆናል። መንሱራል ኖታ፣ ማለትም በልክ የሚሰፈር ኖታ፣ ይህ ነው። በ1320ዎቹ አካባቢ ዮሐንስ ደ ሙሪስና ፊሊፕ ደ ቪትሪ ለሁለት መከፈልንም ከሦስቱ እኩል ሥርዓት አስያዙት።

የዚያችን ጭራ ታሪክ ልብ እንበል። በካንታቶሪየም ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመው ጭረት ከጎረቤቱ ከፍ ያለ ድምፅን ያመለክት ነበር፤ ከርዝመት ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። በፍራንኮ እጅ ያው ጭረት የጊዜ መስፈሪያ ሆነ። ገጹን የሚያነበው ሰውም ድምፁ ከየት ወደየት እንደሚሄድ ማየቱን ትቶ ስንት እንደሚይዝ መቁጠር ጀመረ።

በጥንቱ ዜማ ላይ የደረሰው በቪዴሩንት ኦምነስ ላይ ይታያል። ፔሮታን ዋናውን ዜማ ከታች አስቀምጦ አንዷን ድምፅ በጣም አስረዘማት፤ ከላይ ሦስቱ ሲጫወቱ ከታች ያለው አንድ ድምፅ ይዞ ይቆማል። በካንታቶሪየሙ ውስጥ ፈጠን፣ ረጋ ይል የነበረው ዜማ የሌሎች መሠረት ሆነ እንጂ ራሱ አይራመድም። ለብቻው የሚዜመውም «ሜዳማ» ወይም ልክ የሌለው ዜማ እየተባለ፣ ድምፆቹ ሁሉ እኩል ናቸው ተብሎ ይዜም ጀመር። በ1614 እና በ1615 በሮም የታተመው መጽሐፍ ደግሞ ረጃጅሞቹን ሐረጎች ጭምር ቆረጣቸው።

የጠፋው ሙሉ በሙሉ ያልጠፋው የድሮዎቹ ብራናዎች ስላልተጣሉ ነው። የፈረንሳይ ሶሌም ገዳም መነኮሳት ከ1889 ጀምሮ ብራናዎቹን በፎቶግራፍ አሳተሙ። ከእነሱ አንዱ የሆኑት አባ ዩጂን ካርዲን ኒውሞቹን አንድ በአንድ እያነጻጸሩ አጠኑ። በ1979 የወጣው ግራዱዋሌ ትሪፕሌክስ በካሬው ኖታ ላይና ታች ሁለት ጥንታዊ ምልክቶችን ጨምሮ አሳተመ። ያም ሆኖ ኩዊሊስማ በትክክል እንዴት እንደሚዜም ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ፤ የሚያዜመው መምህር ቀድሞ ስለጠፋ ምልክቱ ብቻውን አይበቃም።

ለእኛ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ዜማችንን ወደ አምስቱ መስመር መገልበጥ ጠቃሚ ሥራ ነው፤ ግን የርክርኩን አካሄድ ካሬም ሆነ ክብ ኖታ አይይዘውም። ስለዚህ የሚገለብጥ ሁሉ የመጀመሪያውን ምልክት ከጎኑ ይጻፍ፣ የመሪጌታውንም ድምፅ ይቅረጽ። አውሮፓውያን ይህን ለማድረግ ሲነሡ መምህሮቹ ካለፉ ዘመናት ተቆጥረው ነበር፤ የእኛዎቹ ግን ዛሬም ያስተምራሉ።