የሥረኛው ቅጂ ምስጢር፦ ዶት ማትሪክስ ፕሪንተርና ሪቦኑ

በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል አበባ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ፣ ሰነዱ በወረቀት የሚዘጋጅ ከሆነ ኤርዌይ ቢል የተባለ የጭነት ቅጽ ይሞላለታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ይህ ሰነድ በሦስት ዋና ቅጂዎች እንዲዘጋጅ ይደነግጋል፤ አንዱ ለአጓጓዡ፣ አንዱ ለተቀባዩ፣ አንዱም ለላኪው ነው። ሦስቱንም በሌዘር ፕሪንተር በየተራ ማተም ይቻላል። ሆኖም ተደራርበው በአንድ ምት የተጻፉ ቅጂዎች አንዱ ለሌላው ምስክር ይሆናሉ፤ በየተራ የታተሙት ግን ይህ ዋስትና የላቸውም።

ሌዘርም ሆነ ቀለም የሚረጨው ፕሪንተር ወረቀቱን አይመታም። የዶት ማትሪክስ ራስ ግን በኤሌክትሮማግኔት የሚወረወሩ 9 ወይም 24 ቀጫጭን መርፌዎች አሉት። መርፌው ሪቦኑን ሲመታ የላይኛው ገጽ ከሪቦኑ ቀለም ያገኛል፤ ከሥር ያሉት ግን የሚያገኙት ግፊቱን ብቻ ነው። ካርቦን አልባ በሚባለው ቅጽ ከላይኛው ወረቀት ጀርባ ላይ የተለበጡ ደቃቅ እንክብሎች በግፊቱ ይፈነዱና፣ በውስጣቸው ያለው ቀለም የለሽ ፈሳሽ ከታችኛው ወረቀት ልባጭ ጋር ተዋህዶ ጽሑፉን ያወጣል።

ብልሽትን መለየት የምንችለውም ከዚህ ተነሥተን ነው። በቅጹ ላይ ክብደቱ 480 ኪሎ ግራም ተብሎ ተጽፏል እንበል። የላይኛው ገጽ ደብዝዞ የሥረኛው ከጠራ ያለቀው ሪቦኑ ነው። የላይኛው ጠርቶ የሥረኛው ከደበዘዘ ግን አዲስ ሪቦን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የወረቀት ውፍረት ማስተካከያው በቅጂዎቹ ብዛት ልክ መደረጉን እንመልከት። የሚያሰጋው ሦስተኛው ነው፦ በሁሉም ቅጂዎች በእያንዳንዱ መስመር ላይ ቀጭን ነጭ ሰረዝ ከታየ አንድ መርፌ ተሰብሯል ወይም ተጣብቋል። መካከለኛው መርፌ ሲጠፋ 8 ወገቡን አጥቶ 0 ይመስላል፤ 480ውም 400 ተብሎ ሊነበብ ይችላል።

ሪቦን ለመለወጥ በመጀመሪያ ፕሪንተሩን እናጠፋለን፤ ብዙ ሲያትም የቆየ ራስ እጅ ስለሚያቃጥል እስኪበርድ እንጠብቃለን። ክዳኑን ከፍተን ራሱን ወደ መሐል እንገፋና አሮጌውን ካሴት ከሁለቱም ጎን ይዘን ወደ ላይ እናወጣለን። አዲሱን ከማስገባታችን በፊት ማዞሪያውን በቀስቱ አቅጣጫ በማዞር የረገበውን ጨርቅ እንወጥራለን። ካሴቱ ቀጭ ብሎ ሲገባ፣ ጨርቁን በራሱ አፍንጫና ከፊቱ ባለው ስስ መከለያ መካከል በእርሳስ ጀርባ ቀስ አድርገን እናሳልፋለን። ከዚያም ማዞሪያውን ደግመን እያዞርን ጨርቁ ሳይጠማዘዝ መሄዱን እናያለን። ይህን ማለፍ አይገባም፤ የተጠማዘዘ ጨርቅ መርፌ ይይዛል፣ የተያዘ መርፌም ይሰበራል።

አሮጌውን ጨርቅ የማኅተም ቀለም እያጠጡ መልሶ መጠቀም የቁጠባ መንገድ ይመስላል። የሪቦን ቀለም ግን መርፌዎቹን የሚያለሰልስ ዘይት ያለው ሲሆን የማኅተም ቀለም ይህ የለውም፤ የሪቦን ዋጋ ተቆጥቦ የራስ ዋጋ ይከፈላል።