ፕላንቴን፦ ጥሬውና የበሰለው አላላጥ

ፕላንቴን የሙዝ ዘመድ ቢሆንም ልጣጩ ወፍራም፣ ሥጋው ጠንካራና ስታርች የበዛበት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ተቀቅሎ ወይም ተጠብሶ ይበላል። አረንጓዴው ሲቆረጥ ከልጣጩ ወተት መሰል ፈሳሽ ይወጣል። ፈሳሹ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ አየር ሲያገኘው ደግሞ ይጠቁርና ጣትን፣ ጥፍርንና ልብስን ያበላሻል። ውኃ ብቻውን አያስለቅቀውም። ስለዚህ ከመላጥ በፊት እጅንና ቢላዋን ዘይት መቀባት ይበጃል፤ የተጣበቀ ካለም በዘይት ታሽቶ በሳሙና ይታጠባል።

አረንጓዴው እንደ ሙዝ በጣት ብቻ አይላጥም። ሁለቱ ጫፎቹ ይቆረጣሉ፤ ልጣጩም ሥጋው ሳይነካ በቢላዋ ጫፍ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። ከዚያ ጨው ባለው ውኃ ለ10 ደቂቃ ያህል ይነከርና አውራ ጣት ከልጣጩ ሥር ገብቶ ወደ ጎን ይገፈፋል። የተላጠው እንዳይጠቁር እስኪጠበስ ድረስ በጨው ውኃ ውስጥ ይቆያል።

በፖርቶ ሪኮ ከአረንጓዴው ቶስቶኔስ ይሠራል። 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ቁራጮች ዘይቱ እንዳይፈናጠር በጨርቅ ይደርቃሉ። መካከለኛ ሙቀት ባለው ዘይት ለስለስ እስኪሉ ከተጠበሱ በኋላ በሳህን ተጭነው ይጠፈጠፋሉ፤ ከዚያም ይበልጥ በጋለ ዘይት ወርቃማ እስኪሆኑ ድጋሚ ይጠበሳሉ። ሲጠፈጠፉ ከተሰባበሩ የመጀመሪያው ጥብስ አልበቃቸውም ማለት ነው።

የበሰለው ልጣጩ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ፈሳሹ ስለሚቀንስ በቀላሉ በእጅ ይላጣል። ስታርቹ ወደ ስኳር ስለተለወጠ ግን ኃይለኛ እሳት ላይ ውስጡ ሳይሞቅ ውጩ ያርራል። ናይጄሪያውያን ዶዶ የሚሉትን ጥብስ ሲሠሩ ሰያፍ ቆርጠው በመካከለኛ እሳት አንዴ ብቻ ይጠብሱታል።