አንድ ደቂቃ፣ ሦስት የጉልበት ምንጮች

400 ሜትርን በ60 ሰከንድ የምትጨርስ አንዲት አትሌት እናስብ። ምንም ሳታስቀር ባላት አቅም ሁሉ ትሮጣለች። የየ100 ሜትሩ ሰዓት ሲያዝላት 14.4፣ 14.0፣ 15.1 እና 16.5 ሰከንድ ሆነ። ተመልካቹ መጨረሻ ላይ «ደከማት» ብሎ ያልፈዋል። ድካሙ ምን እንደሆነ የሚገባን ግን ጡንቻዋ በዚያች ደቂቃ ጉልበት ከየት ከየት እንዳገኘ ስንከተል ነው።

ጡንቻ የሚኮማተረው ኤቲፒ የተባለውን ንጥረ ነገር እየሰበረ ነው። የኤቲፒ ክምችቱ በሙሉ ኃይሉ ለሚሮጥ ሰው ከጥቂት ሰከንድ በላይ ስለማይበቃ፣ የተሰበረው እዚያው በዚያው መልሶ መጠገን አለበት። ይህን የሚያደርጉት ሦስት መንገዶች ናቸው። ብዙ ሰው ሦስቱ እንደ ዱላ ቅብብል ሯጮች ተራ የሚጠብቁ ይመስለዋል፤ አንዱ ሲያልቅበት ሌላው ይቀበለዋል ይላል። እውነቱ እንዲህ አይደለም። የመነሻው ተኩስ እንደተሰማ ሦስቱም አብረው ይነሳሉ። ልዩነታቸው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሰጡና ምን ያህል እንደሚቆዩ ነው።

ከሁሉም ፈጣኑ ፎስፎክሬቲን ነው። ጡንቻው ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ኦክስጅን አይፈልግም፤ በአንዲት እርምጃ ኤቲፒን መልሶ ይሠራል። ነገር ግን ክምችቱ ከኤቲፒው ቢበልጥ ሦስት ወይም አራት እጥፍ ያህል ነው። ሠላሳ ሰከንድ በሙሉ ኃይሉ የሠራ ጡንቻ ውስጥ ከመነሻው የሚቀረው አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። አትሌቷ ከመነሻው ተወርውራ የመጀመሪያውን ኩርባ የምትዞረው በአብዛኛው በእሱ ታግዛ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በጡንቻ የተከማቸውን ስኳር፣ ማለትም ግላይኮጅንን፣ ያለ ኦክስጅን መሰባበር ነው። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሙሉ ኃይሉ ይደርሳል። ከአንድ የስኳር ቅንጣት የሚያገኘው ሦስት ኤቲፒ ብቻ ነው፤ ያው ቅንጣት በኦክስጅን ቢቃጠል አሥር እጥፍ ያህል ይገኝበት ነበር። ለዚህ ብክነት የሚሰጠው ካሳ ፍጥነት ነው። አብሮት ደግሞ ጡንቻው አሲዳም እየሆነ ይሄዳል። በእረፍት ጊዜ በደም ውስጥ 1 ሚሊሞል በሊትር አካባቢ የሆነው ላክቴት፣ በደንብ በሠለጠነ የ400 ሜትር ሯጭ ላይ ከሩጫው በኋላ 20 ሊያልፍ ይችላል። ላክቴት ራሱ ግን መርዝ አይደለም፤ ልብም ሌሎች ጡንቻዎችም እንደ ነዳጅ ያቃጥሉታል። እግርን የሚያስሩት አሲዱና ከፎስፎክሬቲን የተለቀቀው ፎስፌት ናቸው። በማግስቱ የሚሰማው የጡንቻ ሕመምም ከላክቴት የመጣ አይደለም፤ ላክቴቱ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ከደም ጠርቷል።

ብዙዎቻችን አሳንሰን የምናየው ሦስተኛውን፣ በኦክስጅን የሚሠራውን ነው። ለመፋጠን ጊዜ ይፈልጋል፤ ልብና ሳንባ ከፍ ማለት፣ ደምም ኦክስጅኑን ማድረስ አለበት። ቢሆንም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብዙ ይደርሳል። የኖርዌዩ ሜድቦና ጃፓናዊው ታባታ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የብስክሌት ጥናት፣ ሰውን በሚያዝል የ30 ሰከንድ ሥራ ከጉልበቱ 40 በመቶው፣ በአንድ ደቂቃ ሥራ ደግሞ ግማሹ ከኦክስጅን የመጣ ሆኖ ተገኘ። በ2001 እ.ኤ.አ. ስፔንሰርና ጋስቲን የ400 ሜትር ሯጮችን ሲለኩ ድርሻው 43 በመቶ ሆነ። ስለዚህ 400 ሜትርን «ትንፋሽ የማይፈልግ ሩጫ» ማለት ስህተት ነው።

አሁን ወደ መጨረሻዎቹ 100 ሜትሮች እንምጣ። ፎስፎክሬቲኑ ሊያልቅ ደርሷል። ስኳር የመሰባበሩ ፍጥነት ቀንሷል። የኦክስጅኑ መንገድ ወደ ጣሪያው ተጠግቷል፤ ጣሪያው ግን መጀመሪያ ላይ ትሮጥበት ለነበረው ፍጥነት የሚያስፈልገውን ያህል ከፍ ያለ አይደለም። የሦስቱ ድምር ሲያንስ ፍጥነቱም ያንሳል፤ ልብ ማጣትም አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም። ከዓለም ፈጣኑም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ደቡብ አፍሪካዊው ዌይድ ቫን ኒከርክ በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ከ8ኛው መስመር ተነስቶ በ43.03 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ሁለተኛውን 100 ሜትር ከ10 ሰከንድ በታች ሮጦ የመጨረሻው ወደ 12 ሰከንድ ወስዶበታል። በመጨረሻው መስመር ሌሎችን ጥሎ ሲያልፍ የምናየው ሯጭ አብዛኛውን ጊዜ የፈጠነ ሳይሆን ከሌሎቹ ያነሰ የዘገየ ነው።

ሰዓት የምትይዙ አሰልጣኞች ጠቅላላውን ሰዓት ብቻ አትመዝግቡ፤ ሁለቱን 200 ሜትሮች ለየብቻ ያዙ። የዛሬዋ አትሌታችን 28.4 እና 31.6 ሮጣለች፤ ልዩነቱ 3.2 ሰከንድ ነው። ሁለተኛው አጋማሽ ከዚህ እጅግ ከዘገየ ችግሩን አነሳሷ ላይ ፈልጉ። በሙሉ ኃይሏ ደግማ እንድትሮጥ ከፈለጋችሁም በአንድ ደቂቃ እረፍት አትጥሯት። ከእንዲህ ያለ ሩጫ በኋላ ፎስፎክሬቲኑ በደንብ እስኪመለስ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ አሲዱ እስኪጠራ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል።