የቢሮ ኪራይን ለፕሮጀክቶች ስለማከፋፈልና የቀጥተኛ ያልሆነ ወጪን መቶኛ ስለማስላት

በአራዳ ክፍለ ከተማ በፒያሳ አካባቢ ቢሮ ተከራይቶ፣ በሦስት ለጋሾች ገንዘብ ሦስት የትምህርት ፕሮጀክቶችን የሚያካሂድ አንድ አገር በቀል ድርጅት ለምሳሌ እንውሰድ። የወር ኪራዩ 60,000 ብር ነው እንበል። ሒሳብ ሹሙ ኪራዩን ለሦስት እኩል ቢከፍለው ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት 20,000 ብር ይደርሳል። ይህ አከፋፈል ሲታይ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለው ፕሮጀክት አራት ሠራተኞች ካሉት ጋር እኩል ስለሚከፍል፣ አንዱ ለጋሽ የሌላውን ወጪ እንዲሸከም ያደርጋል።

ስለዚህ ማከፋፈያው በቢሮው የመጠቀም መጠን መሆን ይገባዋል። በቢሮው አሥር ሠራተኞች ቢኖሩና አራቱ የመምህራን ሥልጠና፣ ሦስቱ የንባብ መጻሕፍት፣ አንዱ የትምህርት ቤት ውኃ ፕሮጀክት፣ ሁለቱ ደግሞ የአስተዳደር ሠራተኞች ቢሆኑ፣ ለአንድ ሰው 6,000 ብር ይደርሳል። በዚህም መሠረት ሥልጠናው 24,000፣ መጻሕፍቱ 18,000፣ ውኃው 6,000 ብር ይከፍላሉ። የአስተዳደሩ 12,000 ብር ግን ለማንም ፕሮጀክት በቀጥታ ሳይጻፍ በወል ወጪ ውስጥ ይጠቃለላል።

ይህ የወል ኪራይ በዓመት 144,000 ብር ይሆናል። የሥራ አስኪያጁና የሒሳብ ሹሙ ደመወዝ፣ የኦዲትና ሌሎች የወል ወጪዎች 756,000 ብር ቢሆኑ ድምሩ 900,000 ይደርሳል። የፕሮጀክቶቹ ቀጥተኛ ወጪ፣ የኪራይ ድርሻቸውን ጨምሮ፣ እንደ ቅደም ተከተላቸው 3,600,000፣ 1,800,000 እና 600,000፣ በጠቅላላው 6,000,000 ብር ነው እንበል። 900,000 ለ6,000,000 ሲካፈል 15 በመቶ ይገኛል። ስለሆነም ሥልጠናው 540,000፣ መጻሕፍቱ 270,000፣ ውኃው 90,000 ብር ይጋራሉ። ለፕሮጀክት በቀጥታ የተጻፈ ኪራይ በወል ወጪው ውስጥ ዳግመኛ ቢገባ ግን ለጋሹ ለአንድ ቤት ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው።

ለጋሾች ሁሉ በስሌት የተገኘውን መቶኛ አይቀበሉም። የአውሮፓ ኅብረት በብዙዎቹ የእርዳታ ውሎቹ የሚፈቅደው እስከ 7 በመቶ ነው። የውኃው ፕሮጀክት በዚህ ወሰን ሥር ቢሆን 42,000 ብር ብቻ ያገኛል፤ የጎደለው 48,000 ብር ከድርጅቱ የራሱ ገቢ ይሸፈናል እንጂ ወደ ሁለቱ ፕሮጀክቶች አይዛወርም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ መደንገጉም መታወስ አለበት። እዚህ ላይ አካፋዩ ቀጥተኛ ወጪ ሳይሆን ገቢ ነው። የድርጅቱ ገቢ 6,900,000 ብር ከሆነ፣ ያው 900,000 ብር 13 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሁለቱን መቶኛዎች ያደባለቀ ሪፖርት ስሕተት ነው።

በመጨረሻም፣ የሠራተኛው ቁጥር ሳይለወጥ የኪራዩ ድርሻ ገንዘብ ወደ ተረፈው ፕሮጀክት ከዞረ፣ ማከፋፈያው አገልግሎትን መከተሉ ቀርቶ በጀትን መከተል ጀምሯል ማለት ነው። ይህን ለመከላከል ስሌቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰናል፤ ሠራተኛ ሲጨመር ወይም ፕሮጀክት ሲዘጋም ከዚያው ወር ጀምሮ ይታደሳል።