ካሪው እስኪደርስ፦ የመደመሪያ ሰርኪዩት ሲሰፋ ለምን ይዘገያል?

በ9999 ላይ 1 ስንደምር ከአንድ ቤት እንነሣለን። 9 እና 1 አስር ነው፤ 0 ጽፈን 1 እንይዝና ወደ አስር ቤት እናልፋለን። እዚያም ያው ነው፤ 0 እንጽፋለን፣ 1 እንይዛለን። የሺህ ቤቱ 9 ምን እንደሚሆን የምናውቀው ከእሱ በፊት ያሉት ሦስት ቤቶች ተሠርተው ሲያልቁ ብቻ ነው። ሪፕል ካሪ አደር የሚባለው የመደመሪያ ሰርኪዩት ይህንኑ የትምህርት ቤት ስሌት በኤሌክትሪክ ይሠራል። ካሪ የሚባለው ያ የያዝነው 1 ሲሆን፣ የሰርኪዩቱን ፍጥነት የሚወስነውም እሱ ነው።

መጀመሪያ አንዱን ቤት እንሥራ። በሁለትዮሽ ቁጥር ያሉት አኃዞች 0 እና 1 ብቻ ናቸው። በእያንዳንዱ ቤት የሚደመሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የመጀመሪያው ቁጥር አኃዝ A፣ የሁለተኛው ቁጥር አኃዝ B፣ ከቀኝ የመጣው ካሪ C። ኤክስኦር ጌት ሁለቱ ግብዓቶቹ ሲለያዩ 1 ይሰጣል። ስለዚህ A እና Bን በአንድ ኤክስኦር፣ ውጤቱን ደግሞ ከC ጋር በሌላ ኤክስኦር ብናሳልፍ በዚያ ቤት የሚጻፈውን አኃዝ እናገኛለን። ወደ ግራ የሚያልፍ ካሪ የሚኖረው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ A እና B ሁለቱም 1 ናቸው፣ ወይ ከሁለቱ አንዱ ብቻ 1 ሆኖ ከቀኝ ካሪ መጥቷል። እያንዳንዱን ሁኔታ አንድ ኤንድ ጌት ይለየዋል፤ የሁለቱን ውጤት ኦር ጌት ያገናኘዋል።

```
S = A ⊕ B ⊕ C
Cout = A·B + C·(A ⊕ B)
```

ይህ ባለ አምስት ጌት ሰርኪዩት ፉል አደር ይባላል። አራቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን የእያንዳንዱን ካሪ በግራው ላለው ብናቀብል ባለ 4 ቢት መደመሪያ ሆነ። በጠቅላላው 20 ጌት ነው። በቺፕ ለሚሠራው ሰው ሁለት 74HC86፣ ሁለት 74HC08 እና አንድ 74HC32 ይበቁታል። የቀኝ ጫፉ የካሪ ግብዓት ግን ከግራውንድ ጋር መገናኘት አለበት፤ ክፍት ከተተወ ድምሩ አንዳንዴ በ1 በልጦ ይገኛል።

አሁን 15 እና 1ን እንደምር። ሁሉም ግብዓት 0 ላይ ሳለ 1111 እና 0001ን በአንድ ጊዜ እንስጠው። እያንዳንዱ ጌት ውጤቱን ለማውጣት እኩል ጊዜ ይፈጃል እንበልና ያንን ጊዜ አንድ እርምጃ ብለን እንጥራው። በ2ኛው እርምጃ ድምሩ 1110፣ ማለትም 14 ሆኖ ይታያል፤ ከቀኝ ጫፍ ያለው ቤት ካሪውን ያወጣው ገና አሁን ስለሆነ የተቀሩት ቤቶች መምጣቱን አያውቁም። በ3ኛው እርምጃ ካሪው ሁለተኛውን ቤት ወደ 0 ስለሚለውጠው ድምሩ 12 ይሆናል። በ5ኛው 8፣ በ7ኛው 0 ይነበባል። በ8ኛው እርምጃ የመጨረሻው ካሪ ወጥቶ 10000፣ ማለትም 16 ይሞላል።

አራቱም ቤቶች ሥራቸውን የጀመሩት እኩል ነው፤ የA እና B ኤክስኦር ውጤት በሁሉም ዘንድ በአንድ እርምጃ ተዘጋጅቶ ነበር። ተራ የሚጠብቀው ካሪው ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ቤት አንድ ኤንድ እና አንድ ኦር ማለፍ ስላለበት አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር ሁለት እርምጃ ይጨመራል። ከውጭ የገባ ካሪ በሁሉም ቤት ሲያልፍ መጀመሪያ የአንደኛውን ቤት ኤክስኦር ስለሚጠብቅ እጅግ የከፋው መዘግየት ለ4 ቢት 9፣ ለ64 ቢት 129 እርምጃ ይደርሳል። አንድ ጌት 10 ናኖሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ የመጀመሪያው 90፣ ሁለተኛው 1290 ናኖሰከንድ መሆኑ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ይህ መዘግየት ሁልጊዜ የማይታይ መሆኑ ነው። 5 እና 2ን፣ ማለትም 0101 እና 0010ን ብንደምር ካሪ ጨርሶ ስለሌለ ትክክለኛው 7 በሁለት እርምጃ ይወጣል። ስለዚህ ክሎኩ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ውጤቱን ቀድሞ የሚያነብ ሰርኪዩት በቀላል ቁጥሮች ሲፈተን ጤነኛ ይመስላል፤ የሚሳሳተው ረጅም ካሪ ሲያጋጥመው ነው። ስህተቱ በግራ ባሉት ቢቶች ላይ ከተሰበሰበና ክሎኩን ስናዘገየው ከጠፋ ጥፋቱ የሽቦ ሳይሆን የጊዜ ነው። መፈተሻውም እንደ 1111 እና 0001 ያለ ካሪውን ከዳር እስከ ዳር የሚያስኬድ ጥንድ መሆን አለበት።

መፍትሔው ካሪው ቤት ለቤት እስኪደርስ ከመጠበቅ ይልቅ ከA እና B አኃዞች በቀጥታ ማስላት ነው። ይህ ካሪ ሉክአሄድ ይባላል። 74HC283 የሚባለው ቺፕ አራቱን ቢት የሚደምረው በዚህ ዘዴ ነው። ዋጋው ግን ጌት ነው፤ ለግራው ቤት ካሪ በቀኙ ያሉት ሁሉ አኃዞች ስለሚያስፈልጉ ቢቱ በበዛ ቁጥር የጌቱ ግብዓትና ሽቦው ይበዛል። ስለዚህ ዲዛይነሮች ብዙውን ጊዜ አራት አራት ቢት በሉክአሄድ ሠርተው ካሪው ከቡድን ወደ ቡድን እንዲያልፍ ያደርጋሉ። ቢቱ ጥቂት ከሆነና ጊዜው ከበቃ ግን በትንሽ ጌት የሚሠራው ሪፕል ካሪ ዛሬም ትክክለኛ ምርጫ ነው።