ከሸዋ ሮቢት ቦሌ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ይህን ርቀት አንዱ የስልክ ካርታ ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ ሌላው አራት ሰዓት ተኩል ይለዋል። መንገዱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው እያንዳንዱ ካርታ ስለ ፍጥነት ከሚያውቀውና ከማያውቀው ነው።

ያለ ኢንተርኔት ከሚሠሩት ካርታዎች ብዙዎቹ መረጃቸውን የሚወስዱት በጎ ፈቃደኞች ከሚያዘጋጁት ኦፕንስትሪትማፕ ነው። እነዚህ በመንገዱ ላይ አሁን የሚሆነውን አያዩም፤ ለመንገዱ በተሰጠው ደረጃ ይገምታሉ። ለምሳሌ በዚህ ካርታ ላይ የሚሠራው OSRM የተባለ ፕሮግራም፣ የፍጥነት ወሰን ካልተጻፈለት፣ `trunk` ለተባለ ዋና አገር አቋራጭ መንገድ በሰዓት 85፣ `primary` ለተባለው 65 ኪሎ ሜትር ይመድባል። 225ን ለ85 ብናካፍል 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ፣ ለ65 ብናካፍል ወደ 3 ሰዓት ተኩል ይመጣል። የደረጃው ስያሜ ብቻ የሃምሳ ደቂቃ ልዩነት ፈጠረ ማለት ነው። ዳገቱ በሒሳቡ ውስጥ የለም።

ጉግል ማፕስ በሌላ መንገድ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ ካሉ ስልኮች የሚደርሰውን እንቅስቃሴ ቀደም ሲል ከተመዘገበው ፍጥነት ጋር ያዋህዳል። ኔትወርክ ባለበትና ስልክ በበዛበት፣ ለምሳሌ ከለገጣፎ ወደ ከተማ ሲገባ፣ ግምቱ ይጠነክራል። ስልክ በሳሳበት ወይም ኔትወርክ በተቋረጠበት ግን የሚደገፈው በትናንቱ ላይ ነው። ግምትን ለማመሳከር የሚሻለው እንዲህ ምንጫቸው የተለያየ ካርታዎችን ማየት ነው። በኦፕንስትሪትማፕ የሚሠሩ ሁለት ካርታዎች ተመሳሳይ ሰዓት ቢሰጡ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ምንጫቸው አንድ ነውና ስሕተታቸውም አንድ ሊሆን ይችላል።

ይህ መንገድ ደግሞ ለግምት አስቸጋሪ ነው። ሸዋ ሮቢት በ1,300 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ያለች ቆላ ስትሆን፣ መንገዱ የሚያልፍበት ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከደብረ ሲና በላይ ባለው ጠመዝማዛ ዳገት አንድ የተጫነ ከባድ መኪና ከፊት ከገባ የኋላው ሁሉ በእሱ ፍጥነት ይሄዳል። እዚያው ጣሊያኖች በሠሩት ዋሻ አካባቢ ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ መኪና ሁሉ በመብራት እየዳበሰ ነው የሚያልፈው።

አንድ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ከቦሌ በሚነሳ አውሮፕላን ይሄዳል እንበል። ሦስት ሰዓት ቀድሞ 1 ሰዓት ላይ መድረስ አለበት። መንገዱን በአንድ አማካይ ፍጥነት ከመለካት በቁራጭ ማስላት ይሻላል። እስከ ደብረ ሲና ያለውን 35 ኪሎ ሜትር በ50 ደቂቃ፣ ከዚያ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን 60 ኪሎ ሜትር ዳገቱን አስቦ በ1 ሰዓት ተኩል፣ እስከ ለገጣፎ ያለውን በ1 ሰዓት ከ50፣ ከለገጣፎ ቦሌ በ50 ደቂቃ ቢይዝ፣ ድምሩ አምስት ሰዓት ነው። ለምሳና ለኬላ ፍተሻ 50 ደቂቃ ይጨመራል። ይህ ገና መጠባበቂያ አይደለም፤ ካርታው የማይቆጥረው እርግጠኛ ጊዜ ነው። በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄድ ከሆነ መኪናው እስኪሞላ የሚጠበቀውም እዚህ ይገባል።

መጠባበቂያው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የተበላሸ መኪና መንገድ ቢዘጋ 60 ደቂቃ፣ ጭጋግ 30፣ የኬላ ሰልፍ 30፣ የአዲስ አበባ መጨናነቅ 30 ቢወስዱ፣ ሁሉም በአንድ ቀን መከሰታቸው ብርቅ ነው። ትልቁን ሙሉውን፣ የቀሩትን በግማሽ መያዝ ይበቃል፤ 60 ሲደመር 45፣ ማለትም 1 ሰዓት ከ45። ክረምት ላይ ግን ጭጋግና ብልሽት ተያይዘው ይመጣሉና ጭጋጉንም ሙሉውን መያዝ ይሻላል። በበጋው ሒሳብ መንገደኛው 7 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይይዛል፤ ከረፋዱ 5፡25 በፊት ይነሳል ማለት ነው። ለዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ከዚህ መጠባበቂያ ግማሹ ይበቃዋል፤ ቢዘገይ የሚቀዘቅዘው ምሳው ነው።

በመንገዱ ደጋግሞ የሚመላለስ ሰው ከካርታው የተሻለ መረጃ አለው። የመነሻና የመድረሻ ሰዓቱን ይመዝግብ። አሥር ጉዞ ሲሞላ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ደርድሮ ዘጠነኛውን ይመልከት። መሐል ላይ ካሉት የሚበልጥበት ጊዜ የራሱ መጠባበቂያ ነው።

ደቂቃ በመጨመር የማይሸፈን ነገርም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ይህ መስመር በየጊዜው ተዘግቷል። መዘጋት መዘግየት አይደለም፤ የቀን ጉዳይ ነው። ስለዚህ የማይታለፍ ቀጠሮ ያለው መንገደኛ፣ ካርታውን ከመክፈቱ በፊት ከመናኸሪያ ወይም በዚያው ማለዳ ከተጓዘ ሾፌር ይጠይቅ፤ የመንገዱ ሁኔታ ካጠራጠረው በዋዜማው አዲስ አበባ ገብቶ ይደር።