የአንድ ቀን ሙቀት አማካይ ስንት ነው?

የአሥር ቁጥሮች አማካይ የሚገኘው ቁጥሮቹን ደምሮ ለአሥር በማካፈል ነው። ሙቀት ግን ተቆጥሮ አያልቅም። ንጋት ላይ ቀዝቃዛ ነው፣ እስከ ቀትር እየጨመረ ይሄዳል፣ ወደ ማታ ደግሞ መልሶ ይበርዳል፤ በዚህ መካከል እያንዳንዷ ቅጽበት የራሷ ሙቀት አላት። እንዲህ ያለ ሳይቋረጥ የሚለዋወጥ መጠን በካልኩለስ ፈንክሽን ይባላል፤ አማካዩም የሚገኘው በኢንተግራል ነው።

ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ያለው ሙቀት በዚህ ቀመር ይለዋወጣል እንበል፦

T(t) = 10 + t(12 − t)/3

t ከንጋት ጀምሮ ያለፈው ሰዓት ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ቆጠራውን ከንጋት ስለሚጀምር t ማለት ሰዓቱ ላይ የሚነበበው ቁጥር ራሱ ነው። ንጋትና ምሽት ላይ ሙቀቱ 10 ዲግሪ፣ ቀትር 6 ሰዓት ላይ 22 ዲግሪ ይሆናል። በእውነተኛ ቀን ከፍተኛው ሙቀት ከቀትር ዘግየት ብሎ ይመጣል፤ ቀመሩ ግን ለስሌት እንዲመች ቀለል ተደርጓል።

በንጋት፣ በቀትርና በምሽት ብቻ ቢለካ የሦስቱ ልኬቶች አማካይ 14 ዲግሪ ነው። በየሰዓቱ 13 ጊዜ ቢለካ 17.33፣ በየግማሽ ሰዓቱ 25 ጊዜ ቢለካ 17.67 ይሆናል። ልኬቱ እየተደጋገመ ሲሄድ መልሱ ወደ አንድ ቁጥር ይጠጋል፤ የፈንክሽኑ አማካይ ዋጋ የሚባለውም ይኸው ቁጥር ነው። እሱን በቀጥታ ለማግኘት ከግራፉ ሥር ያለው ስፋት፣ ማለትም ኢንተግራሉ፣ በጊዜው ርዝመት ይካፈላል፦

አማካይ = (1/(b − a)) ∫ f(t) dt፣ ከ a እስከ b

በምሳሌው የ10 ዲግሪው ድርሻ 10 × 12 = 120 ነው፤ የቀሪው ድርሻ ሲሰላ 96 ይሆናል። ድምሩ 216 ለ12 ሰዓት ሲካፈል 18 ዲግሪ ይመጣል። ግራፉን ከአሸዋ እንደተሠራ ክምር ማየት ይቻላል፦ ጉብታው ተንዶ መሬቱ እኩል ሲደለደል የአሸዋው ከፍታ 18 ላይ ይቆማል።

ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። በሜትሮሎጂ የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ደምሮ ለሁለት ማካፈል የቆየ ልማድ ነው። እዚህ ቢሠራበት 16 ዲግሪ ይሰጣል፤ ከእውነተኛው አማካይ በ2 ዲግሪ ያንሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቀኑ ቀትር አካባቢ ባለው ሙቀት ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ በ10 ዲግሪው አጠገብ ግን ፈጥኖ ያልፋል። የሁለቱ ጫፎች አማካይ ይህን የቆይታ ልዩነት አያይም፤ ኢንተግራል ያየዋል።

ታዲያ ሙቀቱ ልክ 18 ዲግሪ የሆነበት ሰዓት አለ? ለኢንተግራል የተሰጠው የአማካይ ዋጋ ቲዎረም አዎን ይላል፦ f ከ a እስከ b ሳይቋረጥ የሚሄድ ከሆነ፣ f(c) ከአማካዩ ጋር እኩል የሚሆንበት ቢያንስ አንድ c በመካከሉ ይገኛል። በምሳሌው t(12 − t) = 24 የሚለውን እኩልታ መፍታት ይበቃል። መልሶቹ ሁለት ናቸው፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ገደማና ከቀኑ 9 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ገደማ። ቲዎረሙ ራሱ ግን c መኖሩን እንጂ የት እንዳለ ወይም ስንት እንደሆነ አይናገርም።

ማረጋገጫው አጭር ነው። አማካዩ ከትንሹ ዋጋ በታች ሊወርድ፣ ከትልቁም በላይ ሊወጣ አይችልም። ከ10 ተነስቶ 22 የደረሰ ሙቀት ደግሞ ሳይዘል ከሄደ በመካከሉ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር ይነካል፤ 18ንም ጭምር።

«ሳይዘል» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ሊዘነጋ አይገባም። 60 ዋት አምፖል ለ6 ሰዓት ጠፍቶ ለ6 ሰዓት ቢበራ፣ በ12 ሰዓቱ የወሰደው ኃይል አማካይ 30 ዋት ነው። አምፖሉ ግን ወይ 0 ወይ 60 ዋት ይወስዳል እንጂ 30 ዋት የወሰደበት ቅጽበት የለም። አማካዩ ትክክል ነው፤ c ግን የለም፣ ምክንያቱም ግራፉ ማብሪያው በተጫነበት ቅጽበት ተቋርጧል።

ቲዎረሙ ትልቁን ሥራ የሚሠራው በጣም አጭር በሆነ ጊዜ ላይ ነው። ከ x እስከ x + h ያለው ስፋት ለ h ሲካፈል f(c) ይሆናል። h ወደ ዜሮ ሲጠጋ፣ በ x እና በ x + h መካከል የታፈነው c ወደ x ከመጠጋት ሌላ መሄጃ የለውም፤ f(c)ም ወደ f(x) ይጠጋል። ስለዚህ ስፋቱ የሚያድግበት ፍጥነት በዚያች ነጥብ ላይ ያለው የፈንክሽኑ ዋጋ ራሱ ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦጉስተን ሉዊ ኮሺ በ1823 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የካልኩለስ ትምህርት ኢንተግራልና ዴሪቬቲቭ አንዱ የሌላው ተገላቢጦሽ መሆናቸውን ያረጋገጠው በዚህ መንገድ ነው።